ከባድ ስኳትና ፈጣን ዝላይ፦ ጡንቻ ኃይልንና ፍጥነትን በአንድ ጊዜ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

የሰውነቱ ክብደት 70 ኪሎ የሆነ አንድ ስፖርተኛ እንውሰድ። ይህ ሰው 140 ኪሎ ብረት በትከሻው ተሸክሞ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ይችላል፤ ሁለተኛውን ቢሞክር መሀል ላይ ይቀራል። ሲነሳ የሚያየው ሰው ብረቱ የቆመ እስኪመስለው ድረስ ዝግ ብሎ ነው የሚወጣው። ስኳት ላይ ሰዎች የመጨረሻ አቅማቸውን ሲያነሱ የብረቱ አማካይ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 0.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 60 ሳንቲሜትር ለመነሳት ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይኸው ሰው ብረቱን አስቀምጦ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ባለ በሌለ አቅሙ ሽቅብ ቢዘል ደግሞ 35 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፤ እግሩ መሬቱን የሚገፋበት ጊዜ ግን ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። በሁለቱም ጊዜ የሠሩት ያው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው፣ በሁለቱም ጊዜ ሰውየው የቆጠበው ነገር የለም። ጡንቻዎቹ ያወጡት ነገር ግን እጅግ የተለያየ ነው፤ ይህንንም ሂሳቡን በመሥራት ማየት ይቻላል።

በስኳቱ ጊዜ እግሩ የሚገፋው የራሱን 70 እና የብረቱን 140፣ በድምሩ 210 ኪሎ ነው። እንቅስቃሴው ከቆመበት ተነሥቶ ቆሞ ስለሚያበቃ፣ መሬቱን የገፋበት አማካይ ኃይል ከጠቅላላው ክብደት ጋር እኩል ይሆናል፤ ይህም 2060 ኒውተን ነው። ለዝላዩ ደግሞ እንዲህ እናስላ። ቁጢጥ ካለበት እስከሚንጠራራበት ድረስ 40 ሳንቲሜትር ቢገፋ፣ ከዚያም 35 ሳንቲሜትር በአየር ላይ ቢወጣ፣ ሰውነቱ በጠቅላላው 75 ሳንቲሜትር ከፍ ብሏል፤ መሬትን መግፋት የቻለው ግን በመጀመሪያዎቹ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰውነቱን ክብደት 687 ኒውተን በ75 አባዝተን ለ40 ስናካፍል፣ አማካይ ኃይሉ 1288 ኒውተን ሆኖ እናገኘዋለን። የግፊያው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 1.31 ሜትር ነው።

ኃይል በፍጥነት ሲባዛ ፓወር ይሰጣል። በስኳቱ 2060 በ0.3 ሲባዛ 618 ዋት ሲሆን፣ በዝላዩ 1288 በ1.31 ሲባዛ ወደ 1690 ዋት ይደርሳል። ከባዱ ሥራ ከቀላሉ ዝላይ ይልቅ በፓወር አንድ ሦስተኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በሌላ በኩል ዝላዩ፣ የቱንም ያህል ቢጣርበት፣ በስኳቱ ከታየው ኃይል ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አላወጣም። ሰውየው 2060 ኒውተን መግፋት እንደሚችል አሳይቶ ሳለ፣ ሲዘል ያንን ኃይል የማይጠቀምበት ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው በጡንቻው አሠራር ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርኪባልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጥናት፣ የእንቁራሪትን የእግር ጡንቻ በተለያየ ጭነት እያሠራ፣ ጭነቱ በቀለለ ቁጥር ጡንቻው በፍጥነት እንደሚያጥር፣ በፍጥነት ባጠረ ቁጥር ደግሞ የሚያወጣው ኃይል እንደሚቀንስ በአንድ ቀመር አስቀመጠ። ቀመሩ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው፤ ምክንያቱ ግን በሚገባ የተብራራው ኋላ፣ አንድሩ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ሐሳብ ነው።

በእያንዳንዱ የጡንቻ ክር ውስጥ ማዮሲንና አክቲን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ከማዮሲኑ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ራሶች አክቲኑን ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። ገመድ የሚጎትቱ ብዙ ሰዎችን ማሰብ ይቻላል፦ ገመዱ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሁሉም አጥብቆ ለመያዝ ጊዜ አለው፤ ገመዱ በፍጥነት የሚያልፍ ከሆነ ግን በአንድ ቅጽበት የያዙት ጥቂቶች ይሆናሉ፣ ሌሎቹ ገና ለመጨበጥ እጃቸውን እየዘረጉ ነው፤ ለመልቀቅ የዘገየ ደግሞ ይባስ ብሎ ገመዱን ወደ ኋላ ይይዛል። ጡንቻም እንደዚሁ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በአንድ ጊዜ የተያያዙት የማዮሲን ራሶች ቁጥር ይመነምናል፣ ከተያያዙትም መካከል ተጎትተው አልፈው እንቅስቃሴውን የሚቃወሙ ይኖራሉ። እየገፉና እየተቃወሙ ያሉት ሲመጣጠኑ ጡንቻው ከዚያ በላይ ሊፈጥን አይችልም፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውም ኃይል ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው ሲዘል ኃይሉ የቀነሰው ስላልጣረ አይደለም። በዚያ ፍጥነት የሚይዙት ራሶች ከዚያ በላይ ስለማይበዙ ነው።

የዚህ ግንኙነት መስመር ቀጥ ያለ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በሂል ቀመር የተለመዱትን ዋጋዎች ብናስገባ፣ ጡንቻው ሊሸከመው ከሚችለው ትልቁ ጭነት ግማሹ ቢቀነስለት የሚያገኘው ፍጥነት ግማሽ ሳይሆን ከትልቁ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ፍጥነት ሁሉ የሚገኘው ጭነቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ነው። ከፍተኛው ፓወር የሚወጣውም ጭነቱ ከትልቁ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ሲሆን ነው። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የሚሠራው ጡንቻው እያጠረ ሲሠራ ነው፤ ጭነቱን ተሸክሞ ሲወርድ፣ ማለትም እየተሳበ ሲረዝም፣ ጡንቻው ቆሞ ከሚያወጣው የበለጠ ኃይል ይችላል፤ ማንሳት ያቃተንን ብረት ዝግ ብለን ማውረድ የምንችለውም ለዚህ ነው።

ወደ ሙሉ ሰው ስንመጣ ነገሩ በመጠኑ ይለወጣል። ስኳትና ዝላይ ዳሌን፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን አንድ ላይ የሚያሠሩ ስለሆኑ፣ የሁሉም ድምር ሲለካ የኃይልና የፍጥነት መስመር ወደ ቀጥታ የተጠጋ ሆኖ ይገኛል። ጅማቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፦ በዝላይ መጀመሪያ ተወጥረው መጨረሻ ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ መገጣጠሚያው ከሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ይልቅ የጡንቻው ክር ራሱ ዝግ ብሎ ማጠር ይበቃዋል። የኛን ሰው ሁለት ነጥቦች በቀጥታ መስመር ብናገናኛቸው፣ ፍጥነቱ ዜሮ በሆነበት በኩል 2290 ኒውተን ገደማ፣ ኃይሉ ዜሮ በሆነበት በኩል ደግሞ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የቁጢጡ ጥልቀት በሁለቱ እንቅስቃሴዎች ስለሚለያይ ይህ ግምት ነው፤ ነገር ግን ለማሰቢያ ይበቃል። ሥልጠና የሚያደርገው ነገር ይህን መስመር ከአንዱ ጫፍ ወይም ከሌላው ማንሳት ነው።

ከባድ ስኳት የሚያነሳው የኃይሉን ጫፍ ነው። የማዮሲን ራሶች ሁሉ ለመያዝ ጊዜ ስለሚያገኙ እያንዳንዱ የጡንቻ ክር በከፍተኛ ውጥረት ውስጥ ይቆያል፤ ይህ ውጥረት ደግሞ ጡንቻው አዳዲስ ዘንጎችን ጎን ለጎን እንዲጨምርና እንዲወፍር ዋነኛው ምልክት ነው። ጎን ለጎን የተጨመረ ዘንግ ኃይልን ይጨምራል፣ ጅማቱም እየጠነከረ ይሄዳል። እዚህ ላይ በጂም ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ፤ እሱም «ዝግ ብሎ ማንሳት ዝግተኛ ጡንቻ ያሠራል» የሚለው ነው። ነርቭ የጡንቻ ክሮችን የሚጠራው እንደ እንቅስቃሴው ፍጥነት ሳይሆን እንደሚያስፈልገው ኃይል ነው፤ መጀመሪያ ትንንሾቹንና ዝግተኞቹን፣ ኃይሉ ካልበቃ ትልልቆቹንና ፈጣኖቹን ያስከትላል። 140 ኪሎ ለማንሳት ፈጣኖቹም ጭምር ሁሉም ይጠራሉ። ብረቱ ዝግ የሚለው ስለከበደ ነው።

ሆን ብሎ ማዝገም ግን ሌላ ነገር ነው። 60 ኪሎ ይዞ በአራት ሰከንድ የሚነሳ ሰው ትልቅ ኃይልም ትልቅ ፍጥነትም አላወጣም፤ ነጥቡ ከመስመሩ በታች ወድቋል። ዴቪድ ቤምና ዲግቢ ሴል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎቹ በአንዱ እግራቸው ቁርጭምጭሚታቸውን በፍጥነት እያንቀሳቀሱ፣ በሌላው እግራቸው ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገርን በቅጽበት ለማንቀሳቀስ እየሞከሩ ሠለጠኑ። በከፍተኛ ፍጥነት የታየው መሻሻል በሁለቱም እግሮች ተመሳሳይ ነበር። እግሩ ባይንቀሳቀስም፣ ለመፍጠን የተደረገው ጥረት ራሱ ነርቩን አሠልጥኗል። ስለዚህ ከባዱን ስኳት የሚሠራ ሰው ዝግ ብሎ ቢወጣም እንኳ ከታች ሲነሳ በተቻለው ፍጥነት መግፋት አለበት የሚለው የአሰልጣኞች ምክር መሠረት አለው።

ዝላይ የሚያሠለጥነው ከዚህ የተለየ ነው፣ ቁልፉም ጊዜ ነው። አንድ ሰው ከምንም ተነሥቶ ወደ ትልቁ ኃይሉ ለመድረስ ከ0.3 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ስኳት ይህን ጊዜ አትረፍርፎ ይሰጠዋል። ዝላይ በ0.3 ሰከንድ ያልቃል፤ የአጭር ርቀት ሯጭ እግር በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ መሬት የሚነካው ደግሞ ለ0.1 ሰከንድ ያህል ነው። እዚህ ዋጋ የሚኖረው ትልቁ ኃይል ስንት እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ምን ያህሉ እንደሚወጣ ነው። ይህን የሚወስነው በአብዛኛው ነርቭ ነው። ሚካኤል ቫን ካትሰምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከትልቁ አቅማቸው ከ30 እስከ 40 ከመቶ በሆነ ጭነት የቁርጭምጭሚት ጡንቻቸውን በቅጽበታዊ እንቅስቃሴ ለ12 ሳምንት አሠለጠኑ። ከሥልጠናው በኋላ የነርቭ ምልክቶች በእንቅስቃሴው መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ተቀራርበው መምጣት ጀመሩ፤ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሁለት ምልክት በተከታታይ የሚተኩሱት የነርቭ ክፍሎች ድርሻ ከ5 ከመቶ ገደማ ወደ 33 ከመቶ ገደማ ከፍ አለ። ጡንቻው ቶሎ የሚነቃው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ዝላይ ጡንቻን ለማወፈር እምብዛም አይረዳም፤ ውጥረቱ ዝቅተኛ፣ የሚቆይበት ጊዜም በጣም አጭር ነውና።

ጭነት ራሱ መስመሩን ከየት እንደሚያነሳው በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የጃፓኑ ተመራማሪ ካኔኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ነው። ክርን የሚያጥፉትን ጡንቻዎች በአራት ቡድን ከፍለው ለ12 ሳምንት አሠሩ፦ አንዱ ያለ ጭነት፣ አንዱ በ30 ከመቶ፣ አንዱ በ60 ከመቶ፣ የመጨረሻው ምንም በማይንቀሳቀስ ሙሉ ጭነት። ያለ ጭነት የሠሩት ይበልጥ ያሻሻሉት ትልቁን ፍጥነታቸውን ሲሆን፣ በሙሉ ጭነት የሠሩት ትልቁን ኃይላቸውን አሻሻሉ፤ ፓወሩን ከሁሉም አስበልጦ የጨመረው በ30 ከመቶ የሠራው ቡድን ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን ጫፎች በኛ ሰው ላይ እንሞክራቸው። በከባድ ስኳት ብቻ ሠርቶ የኃይሉን ጫፍ በ10 ከመቶ ቢያነሳና የፍጥነቱ ጫፍ ባለበት ቢቆይ፣ ስኳቱ ከ140 ወደ 160 ኪሎ ይደርሳል፣ ዝላዩም ከ35 ወደ 39 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። በዝላይ ብቻ ሠርቶ የፍጥነቱን ጫፍ በ10 ከመቶ ቢያነሳ ደግሞ ዝላዩ 38 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ስኳቱ ግን ከ140 ኪሎ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ዝላዩ በሁለቱም መንገድ ተቀራራቢ ሆኖ ሲጨምር፣ ከኋላው ያለው አካል ግን የተለየ ነው። ይህ የወረቀት ሂሳብ ብቻ አይደለም። ፕሩ ኮርሚና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ በስኳት ብዙ ያልጠነከሩ ወንዶችን ለ10 ሳምንት፣ ግማሾቹን ከ75 እስከ 90 ከመቶ በሆነ ስኳት፣ ሌሎቹን ከዜሮ እስከ 30 ከመቶ ጭነት ባለው ዝላይ አሠልጥነው ነበር። የሁለቱም ቡድኖች ዝላይ በተመሳሳይ መጠን ተሻሻለ፤ በስኳት የሠሩት ግን በትልቁ ኃይላቸው ርቀው ሄዱ። ገና ላልጠነከረ ሰው ከባድ ስኳት ትርፉ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው፦ የዝላዩን ጭማሪ ሳያጣ ኃይሉን ይወስዳል። ከዓመታት ሥልጠና በኋላ ስኳቱ በዓመት ጥቂት ኪሎ ብቻ የሚጨምርለት ሰው ግን ያ መንገድ እየጠበበበት ስለሚሄድ፣ ቀሪው ጭማሪ ከፍጥነቱ ጫፍ መምጣት ይኖርበታል።

በተግባር ነገሩ የሚበላሽባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ዝላይን በቀላል ስኳት መተካት ነው። 50 ኪሎ ተሸክሞ በፍጥነት የሚነሳ፣ ነገር ግን መሬት የማይለቅ ሰው፣ ላይ ሲደርስ መቆም ስላለበት ከመንገዱ ከፊሉን ብረቱን በማፍጠን ሳይሆን በማዝገም ነው የሚጨርሰው። ነርቩም ቀድሞ ይህን አውቆ ግፊያውን ይቀንሳል። በዝላይ ግን እግሩ መሬቱን እስኪለቅ ድረስ መግፋቱን አያቋርጥም። ሁለተኛው ዝላይን የድካም ልምምድ ማድረግ ነው። 30 ጊዜ ያለ ዕረፍት የሚዘል ሰው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዝላዮች በኋላ ከፍታው እየወረደ ይሄዳል፤ ጡንቻው ሲደክም ፍጥነቱንም ስለሚያጣ፣ የኋለኞቹ ዝላዮች ልብና ሳንባን ያሠሩ ይሆናል እንጂ ሊሠለጥን የተፈለገውን ጫፍ አይነኩትም። ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ዘሎ ደቂቃዎች ማረፍ፣ ከፍታው በግልጽ ሲወርድም ማቆም ይሻላል።

ከፍታውን ለመለካት በስልክ ካሜራ በአየር ላይ የቆየበትን ጊዜ መያዝ ይበቃል። ጊዜው በሰከንድ፣ ከፍታው በሜትር ሲሆን ቀመሩ ይህ ነው፦

h = 9.81 × t² / 8

0.534 ሰከንድ በአየር ላይ የቆየ ሰው 35 ሳንቲሜትር ዘሏል። ነገር ግን ሲያርፍ ጉልበቱን ቢያጥፍ እግሩ መሬት የሚነካው ስለሚዘገይ ጊዜው በሐሰት ይረዝማል፤ የ0.05 ሰከንድ መዘግየት ብቻ ውጤቱን ወደ 42 ሳንቲሜትር ገደማ ያደርሰዋል። እግርን ዘርግቶ በጣት ጫፍ ማረፍ፣ ከዚያ ወዲያ ማጠፍ ያስፈልጋል።

የትኛው ጫፍ እንደሚጎድል ለማወቅ ደግሞ በአንድ ዓይነት የቁጢጥ ጥልቀት፣ አንድ ጊዜ ያለ ጭነት፣ አንድ ጊዜ 40 ኪሎ ተሸክሞ መዝለል ይቻላል፤ ይህ ግን ብረት ተሸክሞ ማረፍ ለለመደ ሰው ብቻ የሚመከር ነው። ያለ ጭነት 35፣ በ40 ኪሎ 18 ሳንቲሜትር የዘለለ ሰው መስመሩ ከኛ ሰው ጋር ይገጥማል፤ የኃይሉ ጫፍ 2270 ኒውተን አካባቢ ነው። ያለ ጭነት ያው 35፣ በጭነት ግን 16 የዘለለ ሌላ ሰው የኃይሉ ጫፍ ወደ 1980 ይወርዳል፣ የፍጥነቱ ጫፍ ደግሞ ይበልጣል፤ ይህ ሰው ከዝላይ ይልቅ ከባድ ስኳት ያስፈልገዋል። የሁለት ሳንቲሜትር ልዩነት ፍርዱን ይህን ያህል ስለሚያዛባው፣ በእያንዳንዱ ጭነት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መዝለልና ዝላዮቹ እርስ በርሳቸው ከሁለት ሳንቲሜትር በላይ የሚራራቁ ከሆነ ስለየትኛውም ጫፍ ምንም አለመወሰን ይገባል።